የኻሚስ ሥራ በጁምዓ ይሠራ

ኻሚስ ያን ወረቀት ሲያስጽፍ ገመዱን ረስቶት ነበር ወይስ አውቆ ዘለለው? በዳቡስ ወንዝ ዳር ይህን ያልጠየቀ የለም። ወኪሉ ጠይቆታል፤ ሚስቱ ጠይቃዋለች፤ እሱም ራሱን ከሁሉም አብልጦ ጠይቋል። መልስ የሰጠ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። የቀረው ነገር ሁሉ የታወቀ ነው።

ኻሚስ የዳቡስ መሻገሪያ አለቃ ነበር። ከአሶሳ በኩል ጨውና ጥጥ ይዘው የሚመጡ ነጋዴዎች፣ ከማዶ ደግሞ ቡና የጫኑ፣ በእሱ ታንኳ ሳይሻገሩ የትም አይደርሱም። ታንኳው ከወፍራም ቀርከሃ ተጠፍሮ የተሠራ ሰፊ መደብ ነው። ከዚህ ዳር ካለው ሾላ እስከ ማዶው ሾላ ከበሬ ቆዳ ጠፍር የተገመደ ወፍራም ገመድ ተወጥሯል፤ ታንኳው በቀለበት እዚያ ላይ ይታሰርና ሰዎቹ ገመዱን እየሳቡ ያሻግሩታል። ገመዱ ካለ ወንዙ መንገድ ነው፤ ገመዱ ከሌለ ወንዙ ወንዝ ነው።

ይህን ሰው ታዲያ በወንዙ ዳር ኻሚስ ብሎ የሚጠራው አልነበረም። የበኩር ልጁ ሙርሳል ከተወለደ ጀምሮ ለትልቁም ለትንሹም «አቡ ሙርሳል» ነው። ከእሱ ጋር አሥር ዓመት ገመድ የሳበው ጁምዓም እንዲሁ በስሙ አይጠራም። ቁመቱ የታንኳ መግፊያ ስለሚያህል ሁሉም በዓረብኛው «ጠዊል»፣ ረጅሙ፣ ይለዋል። አንዱ ሐሙስ ስለተወለደ ኻሚስ፣ ሌላው ዓርብ ስለተወለደ ጁምዓ ተብለው ነበር፤ እነዚህ ስሞች ግን የሚነሡት በወኪሉ ፊትና በመስጊድ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ሠራተኛ ሰጠኝ ይባላል። ከማንዱራ በኩል፣ ከደጋው ጫፍ፣ ከቡና ነጋዴዎች ጋር መጥቶ ወንዙ ዳር ወባ ጣለው። ነጋዴዎቹ ትተውት ሄዱ። የኻሚስ ሚስት ኸድራ የማሽላ ገንፎ እያጎረሰች አዳነችው፤ ሲድን ደግሞ «ልሥራላችሁ» ብሎ ቀረ። ልጅ ሳለ ከቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ ስለነበር በመሻገሪያው ወረቀት ማንበብ የሚችል እሱ ብቻ ነው። ኻሚስ ለሐጅ ፈቃድ ሲጠይቅ ሰጠኝ ወንዙ ዳር ሦስት ወሩ ነበር።

የሱዳኑ ጦርነት በርዶ የሐጅ መንገድ ከተከፈተ ሁለተኛው ዓመት ነው። ኻሚስ በኅዳር ወር አሶሳ ወጣና በወኪሉ በዐብዱልቃድር ፊት ቀረበ። ወኪሉ መሻገሪያዎችን ሁሉ የሚያስተዳድር፣ ነገር የማይወድ፣ ወረቀት የሚወድ ሰው ነበር።

«ሐጅ የሚሄድ አይከለከልም» አለው። «መሻገሪያው ግን አብሮህ መካ አይሄድም። ማን ምን እንደሚሠራ አስጽፈህ ሂድ። አንዱን በዓረብኛ ለእኔ፣ አንዱን በአማርኛ ለወንዙ።»

ጸሐፊው አልአሚን ሁለቱንም ፊደል ያውቃል። የሸምበቆ ብዕሩን ቀለም ነከረና ቀና አለ። «በል አቡ ሙርሳል፣ ሥራህን ንገረኝ።»

ኻሚስ ሥራውን በልቡ ጀመረ። ሐሙስ ሐሙስ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ታንኳው ሳይነሣ፣ ገመዱ ከሾላው ላይ ይፈታል። ግንዱን ታኮ የተጠመጠመበት ቦታ ውስጥ ውስጡን ይበላል፤ ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ጋት ወደ ፊት ይሳብና ያው ቦታ ደግሞ ግንዱ ላይ እንዳያርፍ ተደርጎ ይታሰራል። ከዚያ በሞራ ይታሻል፤ በእጅ እየተዳበሰ ይፈተሻል። አለቀ። አሥራ አምስት ዓመት አለቃ ያሰኘው ሥራ እነዚህ አራት ነገሮች ናቸው። በልቡ ሲደረድራቸው አነሱበት። ወረቀት ላይ ቢሰፍሩ ማንም እጅ ያለው ሰው ሊሠራቸው ነው።

«የኻሚስ ሥራ በጁምዓ ይሠራ በል» አለ።

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ጁምዓ ያውቃል።»

«የሚያውቀው ሰው ቢታመምስ?»

«አይታመምም። ግመል ነው።»

አልአሚን ሳቀ። «ግመልም ይሞታል እኮ። ዘርዝርልኝ፤ ወረቀት አልጠበበን።»

«ነገርኩህ፤ የሚታወቅ ነገር ነው።»

እውነቱን ለመናገር ጁምዓ አያውቅም። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ኻሚስ ሁልጊዜ ለጁምዓ ሌላ ነገር ያዝዘው ነበር፤ እንጨት ልቀም፣ ቀርከሃ ቁረጥ፣ ማዶ ሄደህ ሰው እንዳለ እይ። ይህን መቼ እንደጀመረ እሱም አያስታውስም። ሾላው ሥር ብቻውን መቆም ይወድ ነበር።

አልአሚን ጻፈ። በዓረብኛው ስሕተት አልነበረም፤ ዓረብኛ ቀኑን ሲጠራ «አል» ጨምሮ አልኻሚስ፣ አልጁምዓ ስለሚል፣ ያለ «አል» የተጻፈው የሰው ስም መሆኑ ይታወቃል። አማርኛው ግን እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። «የኻሚስ ሥራ በጁምዓ ይሠራ። ይህም ከሐጅ እስኪመለስ ድረስ ነው።» ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ማንም አልተደናገረም፤ በዚያ ክፍል ያለው ሁሉ ኻሚስ ማን እንደሆነ ያውቃል። ማኅተም ተደረገበት።

ወንዙ ዳር ሲመለስ የስንብት ፍየል ታርዶ፣ ሰው ሁሉ «ዱዓ አድርግልን» እያለ ከቦት ነበር። ወረቀቱን ለሰጠኝ ሰጠው። «ይቺ ሁሉ ነገር አለች» አለው በተሰባበረ አማርኛው። ጁምዓን ደግሞ በአፍ መፍቻቸው በቤርታኛ «ሰጠኝ ያነብልሃል» አለው። ገመዱን ለማሳየት አንድ ጠዋት ይበቃ ነበር። ተጓዦቹ ግን ማክሰኞ ተነሡ፤ ሐሙስ አልተጠበቀም።

በሱዋኪን ወደብ መርከብ ሲጠብቅ አንድ ሽማግሌ መርከበኛ ገመዱን ከምሰሶው ፈትቶ ጥቂት ስቦ መልሶ ሲያስር አየ። ሽማግሌው ሥራውን ጀምሮ አቆመና ባልደረባውን ጠርቶ «ና እይ፤ እዚህ ጋ ነው የሚበላው» አለው። ኻሚስ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። ያን ቀን ሐሙስ ይሁን አይሁን ለማወቅ በጣቱ ቆጠረ። ሐሙስ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት መስከረም ሲያልቅ ተመለሰ። አሶሳን ሲያልፍ ወኪሉ ለጉብኝት ወጥቶ ስለነበር ቀጥታ ወደ ቤቱ ወረደ። ሰው ገና ከሩቅ አይቶት «ሐጅ! ሐጅ መጣ!» እያለ እጁን ለመሳም ተጋፋ። ኻሚስ ግን ዓይኑ ሾላው ላይ ነበር። የተወጠረው ገመድ አዲስ ነው። ታንኳውም አዲስ ነው።

«አሮጌው የት ሄደ?» አለ።

ጁምዓ ከላይ ወደ ታች አየው። «ወንዝ በላው። ምን ያስደንቅሃል? አንተ ከሌለህ ዳቡስ ማንን ይፈራል!»

የቆሙት ሁሉ ተቀባበሉት። «አቡ ሙርሳል እያለ እንዲህ ያለ ነገር መቼ ታይቶ!» «እሱ ሄደ፣ ገመዱ ተበጠሰ!» ኻሚስ ይህን ሲሰማ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ገና ሳይገባው፣ ደረቱ ውስጥ አንድ ሙቅ ነገር ፈሰሰ። ደስ አለው። የቆየው ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ያህል ብቻ ነው፤ ኋላ ዕድሜውን ሙሉ ያሳፈረው ግን ከሁሉ ይልቅ ያቺ ደስታ ናት።

«የተጎዳ ሰው አለ?» አለ።

ጁምዓ በቤርታኛ ነገረው። ሰኔ ገብቶ ወንዙ በሞላ በመጀመሪያው ዓርብ፣ ታንኳው የነጋዴ ጭነትና የገበያ ሰው አንድ ላይ ጭኖ መሐል ሲደርስ ገመዱ ሾላው ጋ፣ በተጠመጠመበት ቦታ፣ ተበጠሰ። ታንኳው ሊወሰድ ሲል ዳር የነበረው ሰጠኝ የገመዱን ጫፍ ክንዱ ላይ ጠምጥሞ የዛፍ ሥር አቅፎ ተኛ። ሰባት ሰው ተራ በተራ እስኪወጣ አልለቀቀም። ሦስት በቅሎ ከነጭነቱ ሄደ። የሰጠኝ ግራ እጅ ሁለት ጣት ሄደ።

«ገመዱን ማን ነበር የሚያየው?»

«የቱን ገመድ?»

«ገመዱን! ሐሙስ ሐሙስ!»

«እኔ ምን አውቄ? አንተ ሐሙስ ሐሙስ እንጨት ትልከኝ አልነበር? እንጨት ለቀምኩ።» «ወረቀቱ ላይ ስሜ አለ ወይ ብዬ ሰጠኝን ጠየቅሁት። ጠዊል የሚል የለም፣ የቀን ነገር ብቻ ነው አለኝ። አሥር ዓመት አብሬህ ስቤ፣ በስሜ አንዲት ቃል አልተውክልኝም። ተቀየምኩህ፤ ዝም ብዬ ገመዴን ሳብኩ።»

«ታዲያ ጭነቱና ገበያተኛው ለምን አንድ ቀን ሆነ? ጭነት የሐሙስ ነው፣ ገበያተኛ የዓርብ ነው።»

«እሱን ሰጠኝን ጠይቀው። ወረቀቱ ነው ያለው። ነጋዴው ቀን ባከነብን ብሎ ቢጮህ ማኅተሙን ያሳየዋል። ወኪሉ ዘንድም ከሰሱት፤ ወኪሉ የራሱን ወረቀት አይቶ ‹ሁሉ ደህና ተጽፏል› ብሎ መለሳቸው። ታንኳው ሲጠፋ ጊዜ ግን ‹ማን ነው የሐሙስን ጭነት ወደ ዓርብ ያዛወረ› አለ። ወረቀት ያጣመመ ብሎ ከሥራ አስወጣው። አንተ ስትመጣ ቃልህ ተሰምቶ ከአገር ይወጣል።»

ኻሚስ ቤቱ ገባ። ኸድራ በደስታ አልቅሳ ስትጨርስ፣ ገንፎ በቆሬ ይዛ ስትወጣ አያትና «ለማን ነው?» አላት።

«ለሰጠኝ ነዋ። ከላይ በኩል ጎጆ ቀልሷል። እጁ ገና አልሻረም።» በሩ ላይ ቆመች። «ሌላው ሁሉ ጥሎት ሲሄድ እሱ ግን ‹አቡ ሙርሳል ይምጣ እንጂ እሱ ያውቃል› እያለ ነው የከረመው። ታውቃለህ?»

«ሂጂ፣ ገንፎው ይቀዘቅዛል» አላት።

በማግስቱ ሰጠኝ ራሱ መጣ። ከስቷል። ግራ እጁን በጋቢው ሥር ደብቆ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «እንኳን በደህና ገቡ፣ አቡ ሙርሳል። ሐጅዎን እግዚአብሔር ይቀበልልዎ።»

«አሚን። ቁጭ በል።»

«ልቀመጥ አልመጣሁም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁ።» ከአንገቱ ላይ እንደ ክታብ የተሰፋ የቆዳ ከረጢት አወጣና በጥርሱ ፈታው። ውስጡ ያ ወረቀት ነበር፤ ጠርዙ ቢበላም ማኅተሙ ይታያል። «ዓመት ሙሉ አነበብኩት። እዚህ አገር እስላሙ ነጋዴ ሐሙስን ኻሚስ፣ ዓርብን ጁምዓ ይላል። የሐሙስ ሥራ ጭነት ነው፤ ጭነቱን ወደ ዓርብ አዛወርኩ። ቃሉን ከቶ አላጎደልኩም። ወኪሉ ግን ‹ኻሚስ ቀን አይደለም› አሉኝ። ልጠይቅ ስል አስወጡኝ። እርስዎን ስል ነው የቆየሁ። ኻሚስ ማን ነው?»

ኻሚስ ቀና ብሎ አየው። አብሮት የሠራ፣ ከቤቱ የበላ፣ ሚስቱ ያዳነችው ሰው ስሙን አያውቅም። ለምን ያውቃል? ማን ነግሮት?

«እኔ» አለ።

ሰጠኝ አልገባውም። «እርስዎ ምን?»

«ኻሚስ እኔ ነው። ጁምዓ ጠዊል ነው።»

ሰጠኝ ወረቀቱን እንደገና አነበበ፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። «የአቡ ሙርሳል ሥራ … በጠዊል ይሠራ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሳይጨርስ ተቆረጠ። «አሃ። እንዲህ ነው? እኔማ መዳፈር እንዳይሆን ብዬ፣ ደግሞም ፈረንጅ አይደለሁ፣ የአገሩን ቋንቋ አውቄ ላንብብ ብዬ …» ጋቢው ወደቀና እጁ ታየ። ሁለቱ ጣቶች የነበሩበት ቦታ ገና ቀይ ነው። «እና የእርስዎ ሥራ ምን ነበር? እሱስ የት ተጽፏል?»

ኻሚስ ወደ እጁ ማየት አቃተው። «ነገ አሶሳ እንሄዳለን» አለ። «እኔ እና አንተ።»

መንገዱ ሁለት ቀን ፈጀ። ኻሚስ ከፊት ይሄድ ነበር፤ ሰው ባገኙ ቁጥር «ሐጅ! ሐጅ!» እያሉ እጁን ይስማሉ፤ እሱ እጁን ይነጥቃል። ሌሊቱን ቤት በተሰጣቸው መንደርም አልተኛም። አንድ ነገር ያሰላ ነበር። ጥፋቱን በቃሉ ላይ ቢጥለው ማንም አይነቅፈውም፤ «አማርኛው አሳሳተን» ቢል ሰጠኝ ነጻ ይወጣል፣ አልአሚን ይስቃል፣ እሱም ሐጅነቱን ይዞ ወደ ሾላው ይመለሳል። ግማሹ እውነት ይበቃል። ጎሕ ሲቀድ አሁንም እያሰላ ነበር።

ወኪሉ ዐብዱልቃድር ከጉብኝቱ ተመልሶ ነበር፤ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስነበበ። አልአሚን ነገሩ ሲገባው ራሱን ያዘ። «‹አል› የለውም! ወይ ጉድ፤ አማርኛ ‹አል› የለውም!»

ወኪሉም ጢሙን ዳበሰ። «ይህ ጥፋት የኔም ነው። ሲከሱት የእኔን ወረቀት አየሁ እንጂ ወንዙ ያለውን አላየሁም።» ወደ ሰጠኝ ዞረ። «አንተ ቃሉን አላጣመምክም። በከንቱ ነው ያስወጣሁህ። በቃ፤ ነገሩ የቃል ስሕተት ነው።»

ሁሉም የተነፈሰ መሰለ። ኻሚስ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ቃሉ በትክክል ቢነበብም ገመዱ ይበጠስ ነበር» አለ። «ሥራው አልተጻፈም። አልአሚን ዘርዝር ብሎኝ እንቢ አልኩ። ጁምዓ ያውቃል አልኩ። ጁምዓ አያውቅም። እንዳያይ እኔ ነኝ እንጨት የምልከው።»



«ረስተኸው ነው?» አለ ወኪሉ።

«አላውቅም።»

«ሆን ብለህ ነው?»

«እሱንም አላውቅም። ወላሂ አላውቅም። ስመለስ ‹አንተ ከሌለህ አይሆንም› አሉኝ፤ ደስ አለኝ። የማውቀው እሱን ብቻ ነው።»

ሰጠኝ መሬት መሬት አየ። እንዲህ ያለ ነገር ከትልቅ ሰው መስማት የሚያሳፍረው ሰሚውንም ነው።

ወኪሉ ወደ አልአሚን ዞረና «ጻፍ» አለው። «አሁን ያስጽፍሃል። እዚሁ፣ እኛው ፊት።»

ኻሚስ አስጻፈ። መጀመሪያ ስሙን ከነአባቱ፣ ወንዝ ዳር በምን እንደሚጠራም፤ ቀጥሎ የጁምዓን እንዲሁ፤ ጁምዓ ቢታመም ሰጠኝ እንደሚተካ። ከዚያ ሐሙስ የሚሠራውን፤ ይህን ሲናገር ድምፁ እየወረደ ሄደ። የሚያንስ የመሰለው ነገር ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሞላው።

ሲያልቅ ወኪሉ በግቢው ውሃ የምትቀዳውን ማሪያምን አስጠራ። ማሪያም ዳቡስን በዓይኗ አይታ አታውቅም።

«አንብብላት» አለ። ተነበበላት። «በይ፣ ሐሙስ ጠዋት ወንዝ ዳር ብልክሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

ማሪያም እንስራዋን አወረደች። «ገመዱን እፈታለሁ። አንድ ጋት እስባለሁ። በማን ጋት ነው ግን? የሐጅ እጅ አካፋ ያህላል፤ የኔን ተመልከቱ!»

ሳቁ። ኻሚስም ሳይወድ ፈገግ አለ። «አራት ጣት ተገጥሞ፣ በረጅሙ ሰው እጅ» ተባለና ተጨመረ።

«መሳቡንስ በምን አውቃለሁ? ትናንት ሌላ ሰው ስቦት ከሆነ?»

ይህም ተጨመረ፤ ሥራው በተሠራ ቁጥር የሠራው ሰው ሾላው ላይ አንድ ጭረት ይጭራል።

«ሞራው ካለቀብኝስ? ቆስሎ ባገኘውስ?»

ሞራ ከማን ቤት እንደሚገኝ ተጻፈ። ገመዱ ከቆሰለ፣ ወይም ውሃው በዳሩ ከቆመው ጥቁር ድንጋይ ራስ ካለፈ፣ ማንም ቢቆጣ ታንኳው እንዳይነሣና በዚያው ቀን ለወኪሉ ሰው እንዲላክ ተጻፈ። ማሪያም ሌላ ጥያቄ ስታጣ እንስራዋን አንሥታ ወጣች።

«አሁን ወረቀት ሆነ» አለ ወኪሉ። «የዓረብኛውና የአማርኛው ይመሳከሩ፤ ቃል በቃል። ሰጠኝ ወደ ሥራው ይመለስ። አንተ ሐጅ ደግሞ ዕረፍትህ አላለቀም። እስከ መጪው ዐረፋ አለቃው ጁምዓ ነው። ወንዙ ዳር ተቀመጥ፤ ገመድ ግን አትንካ። ወረቀትህ መሥራቱን እንይ። ይህም ነጋዴው ባለበት ሐሙስ ቀን ይነበብ። የሰጠኝ ስም የጠፋው በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት ይመለስ።»

ወንዙ ዳር የደረሱት ረቡዕ ማታ ነው። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ኻሚስ ጁምዓንና ሰጠኝን ይዞ ሾላው ሥር ቆመ። ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። ሰጠኝ እያነበበ ጁምዓ ፈታ።

«አንድ ጋት፣ በረጅሙ ሰው እጅ» አለ ሰጠኝ።

«ረጅሙ ሰው እኔ ነኝ መቼም» አለ ጁምዓ፤ ለካና ሳበ። የተጠመጠመበት ቦታ ሲገለበጥ ውስጡ ጸጉር ማውጣት ጀምሮ ነበር፤ ያ አዲሱ ገመድ፣ ገና አራት ወሩ። ጁምዓ በአውራ ጣቱ ዳበሰውና ቀና አለ። «አቡ ሙርሳል፣ ይህ ነበር?»

«ይህ ነበር።»

«ይህን ነው እንጨት እየለቀምኩ የሸሸግኸኝ?»

ኻሚስ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ጁምዓ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ የኻሚስን ፊት አየና ሞራውን አነሣ። «አሥር ዓመት እንጨት!» አለ ለሰጠኝ። «መንደር ይሠራ ነበር።» ሰጠኝ ሳቀ። ሰጠኝ በስምንት ጣቱ ከጁምዓ እኩል አሸው፤ ሲጨርሱ ጁምዓ ሾላው ላይ አንድ ጭረት ጫረ። የኻሚስ እጆች ከጀርባው እርስ በርሳቸው ተጨባብጠው ነጭ ሆነው ነበር።

ረፋዱ ላይ ነጋዴዎቹ ተሰበሰቡ። ሰጠኝ ድንጋይ ላይ ወጥቶ አነበበ። ሰኔ ላይ ታንኳውን ያጠፋው የሰጠኝ ንባብ እንዳልሆነ፣ ሥራውን ሳይገልጽ የሄደው ኻሚስ፣ አቡ ሙርሳል የሚባለው፣ መሆኑን። ስሙ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ሊያደርግ ሞከረ።

«ጩህ» አለው ኻሚስ። «ማዶ ያሉት አይሰሙም።»

ሰጠኝ ጮኸ። ሰው ዞሮ ኻሚስን አየው። ያን ቀን እጁን ሊስም የመጣ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ብቻ በቅሎውን እየሳበ ሲያልፍ «ገመዱ ዛሬ ታይቷል?» ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄው ግን ለጁምዓ ነበር። ጁምዓ ወደ ጭረቱ አመለከተ። ሽማግሌው አየና በቅሎውን ወደ ታንኳው ነዳ።

ኻሚስ ታንኳው ማዶ እስኪደርስ ቆሞ ጠበቀ። ደረሰ። ባዶውን ተመለሰ፤ ደግሞ ጫነ። ሁለተኛውንም ጠበቀ። ማንም አልጠራውም። የሚያደርገው ሲያጣ ቤቱ ገባ፤ ኸድራ ምንም ሳትጠይቀው ምንጣፉን ዘረጋችለት። ከዳቡስ የጁምዓ የመሳቢያ ጥሪና የሰጠኝ ምላሽ ይሰማል፤ አንዱ «ሄይ» ሲል አንዱ «ሆ» ይላል። ኻሚስ እየቆጠረ አዳመጠ። ለእሱ የሚሆን ክፍተት መሐሉ አልነበረም። ከሐጅ ከተመለሰ ጀምሮ ደህና እንቅልፍ አልተኛም ነበር፤ እንቅልፍ የወሰደው ያን ሐሙስ፣ ፀሐይ ሾላው አናት ላይ ስትቆም፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።